ጄኔሬተር፣ ተከላና የ2 ዓመት ሰርቪስ በአንድ ውል፦ ገቢው መቼ ይመዘገባል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ አዳማ የሚገኝ የጄኔሬተር ሻጭ ድርጅት ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለአንድ ሆቴል ከቫት በፊት በ1,080,000 ብር ሸጥን። ውሉ ላይ ተከላውና የ2 ዓመት ሰርቪሱ "በነጻ" ይላል። ሰኔ 30 ሳይደርስ ገንዘቡ ሙሉ ገብቷል። አለቃዬ "ሁሉንም የዘንድሮ ሽያጭ አድርጊው" ይሉኛል። ልክ ነው?

አይደለም፣ እህቴ። ሆቴሉ የከፈለው ለሦስት ነገር ነው፦ ለጄኔሬተሩ፣ ለተከላውና ለሰርቪሱ። "በነጻ" የሚለው ቃል ሰርቪሱን ነጻ አያደርገውም፤ ዋጋው ከጄኔሬተሩ ዋጋ ጋር ተደባልቋል ማለት ብቻ ነው። ገቢ መቼ እንደሚመዘገብ የሚወስነው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደንብ፣ አይኤፍአርኤስ 15፣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለደንበኛው ቃል የገባችሁትን ነገር አስረክባችኋል ወይስ ገና ነው? የሰርቪሱን አብዛኛውን ገና አላስረከባችሁም።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው ስትሸጡ ስንት እንደምትጠይቁ ፈልጊ። እንዲህ ነው እንበል፦ ያንኑ ጄኔሬተር ብቻውን 900,000 ብር ትሸጣላችሁ፤ ከሌላ ቦታ ገዝቶ ለመጣ ደንበኛ ተከላ 100,000 ታስከፍላላችሁ፤ የሰርቪስ ውል በዓመት 100,000፣ ለ2 ዓመት 200,000 ነው። ድምሩ 1,200,000 ይሆናል። ሆቴሉ የከፈለው 1,080,000 ስለሆነ 10 በመቶ ቅናሽ አግኝቷል። ቅናሹን ለሦስቱም እንደየዋጋቸው ስታከፋፍዪ ጄኔሬተሩ 810,000፣ ተከላው 90,000፣ ሰርቪሱ 180,000 ይደርሳቸዋል።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንምጣ። ጄኔሬተሩ ሚያዝያ ላይ ሆቴሉ ግቢ ገብቶ ከተረከቡት 810,000 የሚያዝያ ገቢ ነው። ተከላው በግንቦት መጨረሻ ካለቀ 90,000 ይጨመራል። ሰርቪሱ ሰኔ 1 ከጀመረ 180,000 ለ24 ወር ሲካፈል በወር 7,500 ይሆናል፤ እስከ ሰኔ 30 አንድ ወር ብቻ አልፏል። ስለዚህ የዘንድሮ ገቢ 907,500 ነው። የቀረው 172,500 በሂሳብ ሚዛናችሁ ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ ባለዕዳነታችሁ የገንዘብ ሳይሆን የሥራ ነው።

አለቃሽ እንዳሉት ብታደርጊ ስህተቱ የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሐምሌ ላይ ቴክኒሻኑ ዘይትና ፊልተር ይዞ ሲሄድ ወጪው መዝገቡ ላይ ይገባል፣ የሰርቪስ ገቢ ግን ዜሮ ነው። ለ23 ወር ወጪ ብቻ ያለው የሥራ ክፍል ታያላችሁ ማለት ነው። የሰርቪስ ክፍል "ያከስራል" ሲባል በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የሽያጭ ውሎቹን ነው።

ጥያቄ፦ ኧረ ነገሩን አታወሳስቡት! የቫት ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀን ገቢ ይመዘገባል። እኔ 12 ዓመት እንዲሁ ሠርቻለሁ፣ ኦዲተርም አልተቃወመኝም።

ደረሰኝ መቁረጡ ግዴታ ነው፤ ቫቱም በግብር ሕጉ ጊዜ ይከፈላል። በዚህ አልከራከርዎትም። እቃ አስረክበው በዚያው ቀን ደረሰኝ የሚቆርጡ ከሆነ ሁለቱ ቀኖች ስለሚገጥሙ ልዩነቱ አይታይም፤ ኦዲተርዎ ዝም ያለውም ለዚህ ይመስለኛል። ልዩነቱ የሚወጣው ደረሰኙ ከሥራው ሲቀድም ነው።

በዚሁ የሆቴል ውል እንየው። አከፋፈሉ ሲፈረም 40 በመቶ፣ ጄኔሬተሩ ሲደርስ 50 በመቶ፣ ተከላው ሲያልቅ 10 በመቶ ነው እንበል። ጄኔሬተሩ በደረሰ ቀን 972,000 ብር ገብቷል፣ ገቢ የሚሆነው ግን 810,000 ነው። 162,000ው ከደንበኛው የተያዘ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ተከላው ሲያልቅ የተሰበሰበው 1,080,000፣ ገቢው 900,000 ይሆናል። ገንዘቡ የሚመጣበት ቀን የገቢውን ቀን አይወስንም። ቫቱ ደግሞ መጀመሪያውኑ የእርስዎ ገንዘብ ስላልሆነ ከሚከፋፈለው ዋጋ ውስጥ አይገባም፤ ለመንግሥት የሚያስተላልፉት ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋ ጠያቂ አለቃ ነኝ። ቅናሹን የሰጠሁት ከጄኔሬተሩ ላይ ብቻ ነው። ከ900,000 ወደ 780,000 አወረድኩለት፤ ተከላና ሰርቪስ ሙሉ ዋጋቸውን ይዘዋል። ለምን ለሦስቱም ይከፋፈላል?

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ መልሱ ያለው የእርስዎ ፋይል ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ጄኔሬተር ብቻ የገዙ ደንበኞችን ደረሰኝ ያውጡና ይመልከቱ። አብዛኞቹ 780,000 አካባቢ ከከፈሉ 900,000 የሚለው የዋጋ ዝርዝር ላይ ያለ ቁጥር ብቻ ነው፤ እውነተኛ ዋጋዎ 780,000 ነው። ያኔ የሦስቱ ድምር ልክ 1,080,000 ስለሚሆን የሚከፋፈል ቅናሽም የለም። ደንበኞቹ በእርግጥ 900,000 እየከፈሉ ከሆነ ግን ለዚህ ሆቴል በድርድር ላይ የተናገሩት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሆቴሉ ቅናሹን ያገኘው ሦስቱን አንድ ላይ ስለገዛ ነው፤ ስለዚህ ለሦስቱም ይከፋፈላል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፣ ጋሼ፦ የእርስዎ አከፋፈል የዘንድሮን ገቢ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። 780,000 ለጄኔሬተሩ፣ 100,000 ለተከላው፣ የአንድ ወር ሰርቪስ ደግሞ 8,333፤ ድምሩ 888,333 ብር ነው፤ ቀደም ብለን ያገኘነው 907,500 ነበር።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው ራሱ የ1 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። እሱስ አራተኛ ተብሎ ይቆጠራል?

ዋስትናው "ጄኔሬተሩ ጉድለት ቢኖረው እንጠግናለን" የሚል ብቻ ከሆነ አይቆጠርም። እቃው በተባለው ልክ መሆኑን ማረጋገጫ ነው፤ የጥገናው ወጪ በእናንተ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ግምት ይያዝለታል እንጂ ገቢ አይመደብለትም። የ2 ዓመቱ ሰርቪስ ግን ዘይት መቀየርና ፊልተር ማጽዳት ነው፤ ይህ ጉድለት ባይኖርም የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ለብቻው ይቆማል።

ጥያቄ፦ የእኛ ውል "ሙከራውን ካላለፈ ገዢው አይረከብም" ይላል። ጄኔሬተሩ ግቢያቸው ውስጥ ነው፣ ሙከራው ግን ወደ ሐምሌ ተገፋ። ሰኔ ላይ መመዝገብ እንችላለን?

እንደ ሙከራው ዓይነት ነው። ጄኔሬተሩ ከመጋዘን የወጣ የተለመደ ዓይነት ከሆነ፣ እናንተም ውሉ በጠየቀው ኪሎቮልት አምፔር ልክ ጭነት ሰጥታችሁ ሞክራችሁ ማለፉን የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ፣ የገዢው ሙከራ ሥርዓት ማሟያ ነው። ሰኔ ላይ መመዝገብ ይቻላል። ሙከራው ግን ጄኔሬተራችሁ ከሆቴሉ አሮጌ ሁለት ጄኔሬተሮች ጋር ተቀናጅቶ መሥራቱን የሚያይ ከሆነ፣ ማለፉን አስቀድማችሁ ልታውቁ አትችሉም። ያኔ እስከ ሐምሌ ጠብቁ።

እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሌላም የሚነሳ ነገር አለ። መቆጣጠሪያው ለዚያ ሆቴል ተብሎ የተሠራና ተከላው ጄኔሬተሩን የሚለውጥ ከሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ጄኔሬተርና ተከላ አንድ ላይ አንድ ሥራ ይሆናሉ። የምጠቀምበት መፈተኛ ይህ ነው፦ ሌላ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ ተከላውን ሊጨርሰው ይችላል? ከቻለ ይለያያሉ።

ጥያቄ፦ እኔ የገዛሁት ወገን ነኝ። ሁሉንም ዘንድሮ ወጪ ላድርገው?

ይህ የሻጩ ደንብ ስለሆነ ለእርስዎ አይሠራም። ባጭሩ ግን ጄኔሬተሩና ተከላው ቋሚ ንብረት ሆነው በእርጅና ይቀነሳሉ፤ የሰርቪሱ ድርሻ ቅድሚያ የተከፈለ ወጪ ነው፣ ጊዜው ሲያልፍ ወደ ወጪ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እኔ የግል ትምህርት ቤት ሂሳብ ነው የምሠራው። ወላጆች መስከረም ላይ የማይመለስ የምዝገባ ክፍያ ይከፍላሉ፣ ከዚያ በየወሩ የትምህርት ክፍያ። ምዝገባው የማይመለስ ስለሆነ በዚያው ቀን ገቢ አደርገዋለሁ። ከጄኔሬተሩ ጋር ባይገናኝም ልጠይቅ።

በደንብ ይገናኛል። የማይመለስ መሆኑ ገቢ አያደርገውም። ተማሪውን መዝገብ ላይ ስታሰፍር ወላጁ ምን አገልግሎት አገኘ? ምንም፤ ልጁ ገና ክፍል አልገባም። ምዝገባው ለሚሰጠው ትምህርት የተከፈለ ቅድሚያ ስለሆነ ከወርሃዊው ክፍያ ጋር ተደምሮ በትምህርት ወራቱ ላይ ይከፋፈላል። ዩኒፎርም አብራችሁ ከሸጣችሁ እሱ ለብቻው ነው፤ ልጁ በተረከበ ቀን ገቢ ይሆናል።

የሚያከራክረው ሌላ ነው። ነባር ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ምዝገባ የማይከፍል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ለሚቀጥሉት ዓመታትም የተከፈለ ነው የሚል ክርክር ይነሳል። ክፍያው ወላጁ እንዲቀጥል የሚገፋፋው ያህል ትልቅ ከሆነ ከአንድ ዓመት በላይ መዘርጋቱ ያስኬዳል። ስንት ብር ሲሆን "ትልቅ" እንደሚባል ደንቡ ቁጥር አላስቀመጠም፤ ከኦዲተራችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የምትወስኑት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ትንሽ ድርጅት ነን፣ የምንጠቀመው የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን አይኤፍአርኤስ ነው። ይህ ሁሉ ይመለከተናል?

መለያየቱ ይመለከታችኋል፤ አሁን በሥራ ላይ ያለውም ቢሆን በአንድ ውል የተጠቃለሉ ክፍሎች እንዲለዩ ይጠይቃል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም ደግሞ የገቢውን ክፍል በአይኤፍአርኤስ 15 መንገድ እንደገና ጽፎታል፤ የሚጸናውም ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ነው።

ጥያቄ፦ እንደገና የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነኝ። የሰርቪስ ውላችን በ3 ወር አንድ ጊዜ መሄድ፣ በድምሩ 8 ጊዜ ይላል። ታዲያ በወር 7,500 ከማለት በየሄድንበት 22,500 አይሻልም?

ውሉ 8 ጊዜ መሄድ ብቻ ከሆነ አዎ፣ በየጉብኝቱ 22,500 ይሻላል። ያኔ እስከ ሰኔ 30 አንድም ጉብኝት ካልተደረገ የሰርቪስ ገቢ ዜሮ ነው፣ ዕዳውም 180,000 እንዳለ ይቀራል። "በተጠራን ጊዜ በ24 ሰዓት እንደርሳለን" የሚል ካለበት ግን ሆቴሉ የገዛው ሁልጊዜ ዝግጁ ሆናችሁ መቆየታችሁን ነው፤ በወር ማካፈሉ ትክክል ነው። ሁለቱም የተጻፈባቸው ውሎች ላይ ሁለት ልምድ ያላቸው የሂሳብ ባለሙያዎች ሲለያዩ አይቻለሁ። እኔ ብሆን የቴክኒሻኖቹን የሥራ ትእዛዝ ወረቀት አወጣና የጥሪውን ብዛት ከመደበኛው ጉብኝት ጋር አነጻጽራለሁ። ጥሪው ከበዛ ገቢውን በወር ማካፈሉን እመርጣለሁ። ወረቀቶቹ ካሉሽ ቁጥሩን ጻፊልኝና አብረን እናየዋለን።