72 ሰው ለምን አልበቃም?

«የጤና ትምህርት የደም ግፊትን ይቀንስ እንደሆነ ለማየት 36 ሰዎችን አስተምሬ ካልተማሩ 36 ሰዎች ጋር አወዳደርኩ። የተማሩት ላይኛው ግፊት በ5 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ መደበኛ ልይይቱ 15 ነው፤ p ግን 0.16 ሆነ። ጓደኛዬ 384 ሰው ያስፈልግህ ነበር አለኝ። p ከ0.05 በታች እስኪወርድ ሰው ልጨምር?»

ወንድሜ፣ አትጨምር።

36 የሚለውን ቁጥር እንዳየሁ የጠረጠርኩት፣ ናሙናውን ስታሰላ የ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይገኛል ብለህ እንደተነሳህ ነው። ውጤት ጉልህ እንዲባል p መውረድ ያለበት የጉልህነት ደረጃ 0.05፣ እውነተኛ ልዩነት ካለ ጥናቱ የማግኘት አቅሙ 80 በመቶ ሲሆን ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው ሰው በግምት ይህ ነው፦

```
n = 16 × (SD / d)²
```

SD መደበኛ ልይይቱ ነው፤ d ደግሞ ሳያመልጥህ ልታገኘው የምትፈልገው ልዩነት። 15 እና 10ን አስገባበት፤ 36 ይወጣል። አስር ሚሊ ሜትር ግን አንድ የግፊት መድኃኒት በተለምዶ የሚያወርደው ያህል ነው። ከምክር ብቻ ይህን መጠበቅ የዋህነት ነው።

አሁን 5ን አስገባ፤ በየቡድኑ 144 ሰው ይላል። ልዩነቱ በግማሽ ሲያንስ ናሙናው አራት እጥፍ የሚሆነው የአማካይ መዋዠቅ የሚቀንሰው በሰው ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ ነው። በ36 ሰው የሁለቱ አማካዮች ልዩነት መዋዠቅ 3.5 ገደማ ነው፤ ያገኘኸው 5 የዚህን አንድ ተኩል እጥፍ እንኳ አይሞላም። ጉልህ ለመባል 1.96 እጥፍ መድረስ አለበት። እውነተኛው ልዩነት ልክ 1.96 እጥፍ ቢሆን ደግሞ ከሁለት ጥናት አንዱ ልዩነቱን ሳያገኘው ይቀር ነበር፤ ናሙና አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይስታልና። 80 በመቶ አቅም የሚገኘው 0.84 ተጨምሮበት 2.8 ሲሆን ነው። 2.8ን በራሱ አባዝተህ እጥፍ ብታደርገው በግምት ያ 16 ይመጣል። የጉልህነት ደረጃውን ወደ 0.01 ብታጠብቀው 1.96 ወደ 2.58 ያድጋል፤ 144ም 211 ይሆናል። የአንተ ጥናት እውነተኛውን 5 የማግኘት ዕድሉ 30 በመቶ አይሞላም ነበር።

የጓደኛህ 384 በየመመረቂያ ጽሑፉ የሚለጠፍ ርካሽ ዕቃ ነው። የተሠራው የአንድን ሕዝብ መቶኛ በ5 ነጥብ ስሕተት ለመገመት ነው፤ ሁለት አማካዮችን ለማወዳደር አይደለም።

ውጤት እያዩ ሰው መጨመርን ደግሜ እከለክልሃለሁ፤ በየጊዜው p እያየህ ስታቆም 5 በመቶ ያልከው የሐሰት ግኝት ዕድል ሳታውቀው ያድጋል። ያገኘኸውን 5 እንዳለ አቅርብ፤ 95 በመቶ መተማመኛው ከ2 ጭማሪ እስከ 12 ቅናሽ ይደርሳል።

ለሚቀጥለው ጥናት SDን ቀንስ። ከትምህርቱ በፊት የሁሉንም ግፊት ለካና በኮቫሪያንስ ትንተና አስገባው። የፊተኛውና የኋለኛው ልኬት ተዛምዶ 0.6 ከሆነ መበታተኑ ከ15 ወደ 12 ይወርዳል፤ በየቡድኑ 144 የነበረውም 93 ይበቃዋል። ጥናቱን አቋርጠው የሚቀሩ ሰዎችን አስበህ ጥቂት ጨምርበት፤ ይህን ጭማሪ ግን የመጀመሪያው ሰው ከመለካቱ በፊት በዕቅድህ ላይ ጻፈው።