ማሻሻያ ከተጫነ በኋላ ለጠፋ የተማሪ መዝገብ፣ ለአቅራቢው ድርጅት እንዴት ይጻፋል?

«ሐረር በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። የተማሪ መዝገብ ፕሮግራማችን ማሻሻያ ከተጫነለት ወዲህ የአንዳንድ ተማሪዎች ስምና ውጤት አይታይም። ፕሮግራሙን የሸጠልን ድርጅት ስንደውል ‹ሠራተኞቻችሁ ሰርዘውት ነው› ይለናል። በደብዳቤ ልንጠይቅ አስበናል፤ ምን ብለን እንጻፍ?»

እኛም ድሬዳዋ ላይ የገጠመን ይኸው ነው፤ ሰበባቸው እንኳን አልተለወጠም። መጀመሪያ «ሠራተኛ ሰርዞት ነው» አሉን። ቀጥለው «መብራት ሲቆራረጥባችሁ ነው» አሉን። በመጨረሻ «የድሬዳዋ ሙቀት ኮምፒውተሩን ጎድቶት ይሆናል» የሚል መጣ። ያንን ሁሉ ዓመት ሙቀቱን ችሎ የኖረ ኮምፒውተር ማሻሻያው በተጫነ ማግስት ተሸነፈ ማለት ነው! ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጋር «እባካችሁ መረጃችን ጠፋብን» በሚል ደብዳቤ የትም አይደረስም። የጠፋው ምን ምን እንደሆነ እና ለምን እንደጠፋ እርስዎ አግኝተው መጻፍ አለብዎት። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

1. ዛሬውኑ የመረጃ ቋቱን ፋይል አሁን ባለበት ሁኔታ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡ። ከማሻሻያው በፊት የተወሰደ መጠባበቂያ ቅጂ ካለም እሱን ለብቻው ያኑሩ፤ ሁለቱ አይቀላቀሉ። ከዚያ የድርጅቱ ባለሙያ ደውሎ «የድሮውን ቅጂ እንመልስላችሁ» ቢል እሺ አይበሉ። የድሮው ቅጂ በአዲሱ ላይ ሲገለበጥ ከማሻሻያው ወዲህ የገባው ሁሉ ይጠፋል። እኛ በስልክ ይህንኑ ሲያቀርቡልን እምቢ አልን፤ እሺ ያለ አንድ ሌላ ትምህርት ቤት ግን የሁለተኛ ሴሚስተር ምዝገባውን እንደገና ሠርቷል።

2. የጠፋ ተማሪ እንደ አዲስ አይመዝገብ። ይህን ለጸሐፊዎችዎ ሁሉ ይንገሩ። ብዙ ጊዜ የጠፋው የተማሪው መዝገብ ብቻ ነው፤ ውጤቱ በተማሪው መለያ ቁጥር ተይዞ ውስጥ አለ፣ ባለቤቱ ስለሌለ ግን ማያ ገጹ ላይ አይወጣም። እንደ አዲስ ሲመዘግቡት ፕሮግራሙ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የድሮው ውጤት ተንሳፍፎ ይቀራል። ኋላ የጠፋው መዝገብ ሲመለስ አንድ ልጅ ሁለት ሆኖ ይቀመጣል።

3. የጠፋውን ከወረቀት ሮስተር ጋር እያመሳከሩ ዘርዝሩ። እዚህ ላይ ነው እኛ ነገሩን የደረስንበት፤ እንዲህ ነበር።

ማሻሻያው የተጫነው በጥር 2017 መጨረሻ፣ የአንደኛው ሴሚስተር ውጤት ሲዘጋ ነበር። ሪፖርት ካርድ ልናትም ስንል ከየክፍሉ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት ተማሪ ጎደለ። ተማሪው ባለበት ደግሞ የአንዳንድ ትምህርት የመጀመሪያ ፈተና ውጤት ባዶ ነው። የጠፉትን በኤክሴል ዘርዝረን በክፍል ደረደርናቸው፤ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በመምህር ደረደርናቸው፤ አሁንም የለም። በመጨረሻ ከልደት ምስክር ወረቀታቸው ላይ የልደት ቀናቸውን ጨምሬ በቀን ደረደርኳቸው። ሁሉም ወይ ጳጉሜን ውስጥ፣ ወይ ጥቅምት 29 እና 30 ቀን የተወለዱ ሆነው ተገኙ። የጠፋው የፈተና ውጤትም ዓርብ ጥቅምት 29 ቀን 2017 መምህራን ያስገቡት፣ በማግስቱ ቅዳሜ ደግሞ እኛ መዝገብ ቤት ገብተን የጨረስነው ነበር። የጳጉሜን 2016 የመመዝገቢያ ክፍያዎችም አንድ ሳይቀር የሉም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የድሮው ስሪት ቀኑን የሚይዘው እንደ ተራ ጽሑፍ ስለነበር 30/2/2017 ብለው ሲጽፉ ዝም ብሎ ይቀበላል። አዲሱ ስሪት ያንን ዓምድ ወደ ቀን ዓይነት ቀየረው፤ የቀየረው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም፣ 29ኛውንም የሚያገኘው በአራት ዓመት አንዴ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባልማ ጭራሽ አያውቅም። ስለዚህ ከድሮው ወደ አዲሱ ሲያሸጋግር እነዚህን መስመሮች «ትክክለኛ ቀን አይደለም» እያለ ዘለላቸው፤ ለእኛ ግን አንድም ማስጠንቀቂያ አላሳየም። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወራት ሁሉ 30 ቀን ናቸው፤ ከፈረንጆቹ ወራት ከ30 የሚያንሰው ፌብሩዋሪ ብቻ ነው። የተረፉት ቀኖች ሁሉ ያለፉት በዕድል ነው እንጂ በትክክል ተይዘው አይደለም።

የእርስዎም ይኸው መሆኑን ለማወቅ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2004 የተወለደ ተማሪ ካለዎት አልጠፋም፤ ጥቅምት 29 ቀን 2005 የተወለደው ግን ጠፍቷል። ይህ የሆነው 2004 በፈረንጆቹ ስሌት ለአራት የሚካፈል፣ ፌብሩዋሪው 29 የሆነ ዓመት ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ዕድሜ የሚያሰላ ከሆነ ያልጠፉትን ልጆች ዕድሜ ይዩ። የእኛ በ2005 የተወለደ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ 20 ዓመት ሆኖት አገኘነው፤ 2005ን ከፈረንጆቹ 2025 ላይ ቀንሶ ማለት ነው። ብዛቱም ይናገራል፤ ከዓመቱ ቀናት የሚጠፉት ሰባት ያህል ስለሆኑ ከ700 ተማሪ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ቢጎድል ነው። የእርስዎ ከመቶ በላይ ከሆነ ወይም አንድ ክፍል ሙሉ ከጠፋ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ያኔም ቢሆን በቀን፣ በክፍል፣ በመምህር መደርደሩ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። እኛ መጀመሪያ ስልክ ደወልን፣ ደጋግመን ደወልን። ስልክ ያነሳችው ልጅ ትሕትና የላትም፤ «የጥገና ውላችሁ ጊዜው ሊያልፍ ነው፣ መጀመሪያ አድሱ» አለችን። የራሳቸው ማሻሻያ ያጠፋውን ለመመለስ ደግሞ «የመረጃ ማስመለሻ አገልግሎት» ብለው ዋጋ ጠየቁ። ከሁሉ ያበገነኝ ግን ምክንያቱን ከነገርናቸው በኋላ ባለሙያው የሰጠን መፍትሔ ነው፦ «ጳጉሜን የተወለዱትን መስከረም 1 አድርጓቸው፣ ይቀበላል።» የልጅ የልደት ቀን ለፕሮግራም ምቾት ይቀየራል? ነገ ልጁ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አይገጥምም፤ ያኔ ወላጅ የሚመጣው እኔ ቢሮ እንጂ አዲስ አበባ እነሱ ዘንድ አይደለም። ይህን ምክር ለእርስዎም ይሰጡዎታልና ከወዲሁ ይወቁት።

የላክነው ደብዳቤ በአጭሩ ይህን ይመስላል፤ ቁጥርና ቀኑን በራስዎ ይተኩት።

ጉዳዩ፦ የተማሪ መዝገብ ፕሮግራም ማሻሻያ ያስከተለውን የመረጃ መጥፋት ይመለከታል

«ድርጅታችሁ ጥር 24 ቀን 2017 በርቀት በጫነው ማሻሻያ ምክንያት ከዚያ በፊት የነበሩ የተማሪ፣ የውጤት እና የክፍያ መዝገቦች ከፕሮግራሙ ጠፍተዋል። ዝርዝራቸው በአባሪነት ተያይዟል። የጠፉት መዝገቦች በሙሉ ቀናቸው በጳጉሜን ወር ወይም በጥቅምት 29 እና 30 ላይ የሚውል ነው። ይህም ማሻሻያው የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር እንደ ጎርጎርዮሳዊ አድርጎ በማንበቡ የተፈጠረ መሆኑን ያሳያል። ስለሆነም፦ የሽግግሩን የስህተት መዝገብ ፋይል እንድትልኩልን፤ የጠፉትን መዝገቦች ከማሻሻያው በፊት ከተወሰደው ቅጂ በነባር መለያ ቁጥራቸው፣ ከማሻሻያው ወዲህ የገባውን ሳትነኩ እንድትመልሱ፤ ሥራውን አስቀድማችሁ በተለየ ቅጂ ላይ ሠርታችሁ እንድታሳዩን፤ ያልጠፉት መዝገቦች ቀንም እንዲታረም፤ ይህም ያለ ተጨማሪ ክፍያ እስከ የካቲት 21 ቀን 2017 ድረስ እንዲጠናቀቅ እንጠይቃለን።»

ደብዳቤው ውስጥ ስድብም ልመናም የለም፤ ያንን ያወጣሁት ቤቴ ነው። አባሪው ላይ የተማሪዎቹን ሙሉ ስም አያስፍሩ፤ መለያ ቁጥርና ቀን ይበቃል፣ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚዞር አይታወቅምና። ከማሻሻያው በፊትና በኋላ የነበረውን የስሪት ቁጥር ፕሮግራሙ ሲከፈት ከሚታየው ገጽ ላይ ቀድተው ይጨምሩ። ደብዳቤው የርዕሰ መምህር ፊርማና ማህተም ይኑረው፤ የሚላከውም ለስልክ አንሺው ሳይሆን ውሉን ለፈረመው ሥራ አስኪያጅ ነው። በሰው እጅ ልከው ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማና ቀን ያስፈርሙ። እኛ በኢሜይል የላክነውን «አልደረሰንም» ብለውናል፤ በእጅ የተቀበሉትን ግን ሊክዱ አልቻሉም።

ግልባጭ ለትምህርት ቢሮ ይሁን የሚሉ አሉ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አይጨምሩት ባይ ነኝ። ቢሮው ፕሮግራሙን አልሸጠም፣ ሊጠግነውም አይችልም፤ ይልቅ ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ ካስፈለገ ያኔ ይጠቅማል። እኛ ሁለተኛውን አልጻፍንም። የቀን ዝርዝሩን ካዩ በኋላ ስለ ሙቀትም ስለ መብራትም ያነሳ ሰው የለም፤ ክፍያውም ተረሳ። ሌሎች ደንበኞቻቸውም ላይ ያው ችግር እንደነበረ፣ እንደኛ በቀን ደርድሮ ያሳያቸው ግን እንዳልነበረ የመጣው ባለሙያ በራሱ አፍ ነግሮኛል።

አርመው ሲመጡ የርክክብ ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት እርስዎ ራስዎ ይፈትኑት። በሙከራ ቅጂው ላይ ጥቅምት 29 እና 30፣ ጳጉሜን 1 እና 5 ቀን የሚል መዝገብ ያስገቡ፤ ፕሮግራሙን ዘግተው ከፍተው አሁንም መኖሩን ይዩ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ንም ያስገቡ፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ መያዝ አለበት፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12። ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ግን እምቢ ማለት አለበት፣ በዚያ ዓመት ጳጉሜን አምስት ቀን ነበረችና። የእኛ ባለሙያ በመጀመሪያው ሙከራ እዚህች ላይ ወድቋል፤ ቅጹን ሳልፈርም መለስኩት፣ በሳምንቱ አስተካክሎ መጣ።