ከስክሪንሾት ወደ ዋጋ ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ትንሽ የጽዳት ዕቃ መሸጫ አለችኝ። የአዲስ አበባ ኦንላይን ሱቆችን ዋጋ ስክሪንሾት እያነሳሁ ከ40 በላይ ፎቶ ተጠራቀመብኝ። ስሙን፣ መጠኑንና ዋጋውን በእጅ ሳልገለብጥ እንዴት ላስፍረው? ያለኝ ስልክና አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነው።»

መልስ፦ እህቴ፣ ላፕቶፑ ብሮውዘር ከከፈተ ይበቃል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከስክሪንሾቱ አነሳስ ነው።

የሱቁ ገጽ ዕቃዎቹን በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ደርድሮ ከሆነ፣ ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ የግራውን ዕቃ ስም ከቀኙ ጋር ይቀጥለዋል። ዋጋዎቹም የማን እንደሆኑ ሳይታወቅ ከታች ተከታትለው ይመጣሉ። ስለዚህ ፎቶውን አንድ ዓምድ ብቻ እንዲቀር አድርገሽ ቁረጪው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዕቃውን ከፍተሽ የራሱን ገጽ ማንሳት ነው። በዝርዝሩ ላይ «ከ95 ብር ጀምሮ» የሚለው የትንሿ፣ የግማሽ ሊትሯ ዋጋ ሊሆን ይችላል። 5 ሊትሩን መርጠሽ ዋጋው ሲቀየር ካየሽ በኋላ አንሺው።

ከስልክ ወደ ላፕቶፕ በቴሌግራም ስታሻግሪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፤ እንደ ፎቶ ሲሄድ ተጨምቆ ትንንሾቹ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። ከዚያ Google Drive ላይ ጫኚና ፎቶውን በቀኝ ክሊክ ነክተሽ `Open with`፣ ቀጥሎ `Google Docs` በዪ። ከላይ ፎቶው፣ ከሥሩ የተነበበው ጽሑፍ ይወጣል። ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ስለዚህ አንድ ረጅም ስክሪንሾት ከማንሳት ከፋፍሎ ማንሳቱ ይሻላል። የአማርኛ ስሞች ፊደላቸው ተሳስቶ ሊወጣ ስለሚችል የምርቱን ስም አንቺው ጻፊ፣ ሁልጊዜም በአንድ አጻጻፍ።

ሠንጠረዡን Google Sheets ላይ ለእያንዳንዱ የምርት ዓይነት ለየብቻ ክፈቺ። A ቀን፣ B ሱቅ፣ C ስም፣ D እንደተነበበ የተለጠፈ ዋጋ፣ E በማሸጊያው ውስጥ ያለው ብዛት፣ F የአንዱ መጠን በሊትር፣ G እስከ ደብረ ብርሃን ማስጫኛ ይሁን። ሳትለጥፊ በፊት D ዓምድን `Format > Number > Plain text` አድርጊው፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ቀመር ስህተት ያሳያል። H2 ላይ፦

```
=VALUE(SUBSTITUTE(REGEXEXTRACT(D2,"[0-9][0-9,.]*"),",",""))
```

ይህ «ብር 1,260.00» ከሚለው 1260ን ያወጣል። የሚወስደው ግን መጀመሪያ ያገኘውን ቁጥር ነው። ቅናሽ ያለበት ገጽ ላይ የተሰረዘው አሮጌ ዋጋ ቀድሞ ሊጻፍ ስለሚችል «1,450 1,260» ቢለጠፍ 1450ን ይይዝብሻል። የተሰረዘውን ከD አጥፊው። መጠኑን ደግሞ በቀመር ለማውጣት አትሞክሪ፤ «12x750ml» የሚለው ሲቀመር 12 ብቻ ይቀራል። E ላይ 12፣ F ላይ 0.75 ብለሽ በእጅሽ ጻፊው። I2 ላይ የሊትሩ ዋጋ፦

```
=(H2+G2)/(E2*F2)
```

በምሳሌ እንየው። አንዱ ሱቅ ፈሳሽ ሳሙና 5 ሊትር ጄሪካን በ640 ብር፣ ሌላው 12 ባለ 750 ሚሊ ካርቶን በ1,260 ብር ይሸጣል እንበል። ያለ ማስጫኛ ጄሪካኑ በሊትር 128፣ ካርቶኑ (9 ሊትር ነው) 140 ይመጣል፤ ጄሪካኑ ረከሰ። ለጄሪካኑ ማድረሻ 100 ብር፣ ለካርቶኑ በመኪና ማስጫኛ 60 ብር ሲጨመር ግን 740 ለ5 ሲካፈል 148፣ 1,320 ለ9 ሲካፈል 146.67 ይሆንና ነገሩ ይገለበጣል። የG ዓምድ ባዶ ሆኖ የተሠራ ሠንጠረዥ ደብረ ብርሃን ላለ ሱቅ አይረባም።

ሌላው ኮማው እንደ ነጥብ ሲነበብ ነው፤ «1,260» «1.260» ሆኖ ዋጋው 1 ብር ከ26 ሳንቲም ይሆናል። J2 ላይ ይህን አድርጊ፦

```
=IF(ABS(I2/MEDIAN(I$2:I$40)-1)>0.4,"እዪ","")
```

ከመካከለኛው ዋጋ ከ40 በመቶ በላይ የራቀውን ያሳይሻል። የሚያመልጠው 6ን 8 ብሎ እንደማንበብ ያለ ስህተት ነው፤ የጄሪካኑ 640 እንደ 840 ቢነበብ የሊትሩ ዋጋ ከ148 ወደ 188 ብቻ ስለሚወጣ ምልክት ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ I ዓምድን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪና ከላይ የመጡትን ሦስቱን ከማዘዝሽ በፊት ከፎቶው ጋር በዓይንሽ አመሳክሪ። ስህተት ዋጋውን ከፍ ካደረገው ርካሹ ዕቃ ወደ ታች ወርዶ ስለሚደበቅ፣ ያልጠበቅሽው ውድ ካየሽም የእሱን ፎቶ ክፈቺ።

A ዓምድ ላይ የምትጽፊው ቀን ስክሪንሾቱ የተነሳበት ይሁን፣ የገለበጥሽበት አይደለም። 40ውን ፎቶ አንድ ቀን ስላላነሳሻቸው ቀናቸው የቆየውን እንደገና አንሺ።