የደንበኛን ቃል ካፕሽን ለማድረግ

ጥያቄ፦ «ደንበኛዬ ‹ቦርሳው ቆንጆ ነው። ላፕቶፔን አይችልም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ይኸው ስድስት ወሩ፣ ማንገቻው ንቅንቅ አላለም። ዚፑ ግን ትንሽ ይይዛል› ብላ ጻፈችልኝ። እንዴት ሳቢ ካፕሽን ላድርገው?»

ከፍርሃቷ ጀምሪ። «ቆንጆ ነው» የሚለውን ተዪው፣ ሁሉም የሚለው ነው። አዲስ ገዢም የሚፈራው እሷ የፈራችውን ነው፦

«ላፕቶፔን አይችልም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ይኸው ስድስት ወሩ፣ ማንገቻው ንቅንቅ አላለም።»

ቃሏን ማሳጠር ትችያለሽ፤ ማሳመር ግን አትችይም። ስድስት ወሩን «ለዓመታት» ካልሽው የሷ ቃል መሆኑ ቀረ። ዚፑስ? ጥቅሱ ስለ ማንገቻው ስለሆነ ባይገባ ችግር የለውም። ከስሩ «እንከን የለሽ ቦርሳ» ብለሽ ከጻፍሽ ግን ዋሸሽ። (እኔ ብሆን ዚፑን አስተካክዬላት ያንኑ እጽፍ ነበር።)

ከመለጠፍሽ በፊት ያለቀውን ካፕሽን ላኪላት፦ «ይህን በገጼ ላይ ልለጥፈው? ስምሽ ይግባ ወይስ ይቅር?» ዝም ካለች፣ እሺ አላለችም።

አንዴ ለገጼ ብቻ የተፈቀደልኝን ቃል ከነፎቶው በተከፈለ ማስታወቂያ ለቀቅኩት። የደንበኛዬ የሥራ ባልደረቦች አይተው ቀለዱባት። ያኔውኑ አወረድኩት፤ እሷ ግን ተመልሳ ከእኔ አልገዛችም። አሁን ገጽና ማስታወቂያን ለየብቻ እጠይቃለሁ፣ መልሱንም ስክሪንሾት አድርጌ አስቀምጣለሁ።