ከኮንቱሩ በፊት ቦዩን አስምሩ

ሰላም ለእናንተ፣ ቀን ቶታል ስቴሽን ተሸክማችሁ ዳገት ለምትወጡ፣ ማታ ደግሞ ሳይት ፕላን ለምትሠሩ ልጆች።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቦይ ነው። ቦታው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። ባለቤቱ ቤት ሊሠራ አስቦ ሳይት ፕላን አዘዘን። ግቢውን ለሁለት የሚከፍል የጎርፍ ቦይ አለ። ከዳር እስከ ዳር አራት ሜትር ይሆናል፤ ጥልቀቱ የሰው ቁመት ያህላል። ነጥቦቹን ለክተን መጣን፣ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባኋቸው፣ ኮንቱሩ ወዲያው ወጣ። መስመሩ ለስላሳ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነበር። አትሜ ለመሐንዲሱ ሰጠሁት።

ከሳምንት በኋላ ሳይቱ ላይ ተገናኘን። መሐንዲሱ የመኪና መግቢያውን ቦዩን አሻግሮ ስሎታል። ፕላኑ ላይ ቦዩ መሃል ላይ የተደለደለ መሬት ይታያል፤ እሱም ያየውን ነው ያመነው። ፕላኑን ይዘን እዚያው ቦታ ላይ ስንቆም ግን ከእግራችን በታች ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክፍት ቦታ ነበር። ድልድይም ቱቦም ሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ስህተቱ የእኔ ነበር። እንዴት እንደተፈጠረ ከገባችሁ እናንተ አትደግሙትም።

በመጀመሪያ ኮንቱር ከስፖት ሃይት እንዴት እንደሚወጣ በእጅ እናስላው። የአንድ ነጥብ ከፍታ 2611.40፣ የሌላው 2613.90 ነው እንበል። በመካከላቸው 20 ሜትር አለ። ልዩነቱ 2.50 ሜትር ነው። የ2612 ኮንቱር ከታችኛው ነጥብ በ0.60 ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ 0.60ን ለ2.50 አካፍላችሁ በ20 ስታባዙት 4.80 ይመጣል። ከታችኛው ነጥብ 4.80 ሜትር ለክታችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ኮንቱሩ በዚያ ያልፋል። ይህ ሒሳብ ልክ የሚሆነው ግን መሬቱ ከነጥብ እስከ ነጥብ ቀጥ ብሎ ከወረደ ብቻ ነው። መሃል ላይ ቦይ ወይም ግንብ ካለ ቁጥሩ ውሸት ነው።

ፕሮግራሙም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። ነጥቦቹን በሦስት ማዕዘን ያያይዛል፣ በየመስመሩ ላይ ይህንኑ ሒሳብ ያሰላል። የትኛው ነጥብ ከየትኛው ይያያዝ የሚለውን የሚወስነው ግን ርቀትንና ማዕዘንን አይቶ ነው። በተቻለ መጠን ቀጫጭንና ሹል ሦስት ማዕዘኖችን ይሸሻል። ቦይ የሚባል ነገር እንዳለ አያውቅም።

አራቱን ነጥቦች ላሳያችሁ። ለማስላት እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። ቅደም ተከተሉ የነጥብ ቁጥር፣ ኖርዚንግ፣ ኢስቲንግ፣ ከፍታ፣ መጠሪያ ነው።

```
214,1002120.00,473650.00,2610.90,BOY
215,1002110.00,473648.00,2612.60,DAR
216,1002110.00,473652.00,2612.40,DAR
217,1002100.00,473650.00,2610.30,BOY
```

ወረቀት ላይ አስቀምጧቸው። 214 እና 217 የቦዩ ወለል ናቸው፤ ተራርቀው 20 ሜትር ላይ አሉ። 215 እና 216 ግራና ቀኝ ዳሮቹ ናቸው፤ በመካከላቸው 4 ሜትር ብቻ አለ። አራቱን በሁለት ሦስት ማዕዘን ለመክፈል ሁለት መንገድ አለ። ወይ ወለሉን ከወለሉ ታያይዛላችሁ፣ ወይ ዳሩን ከዳሩ። ፕሮግራሙ ዳሩን ከዳሩ አያያዘው። በዚያ መስመር መሃል ላይ ከፍታው 2612.50 ይሆናል። ወለሉን ከወለሉ ብናያይዝ ግን እዚያው ቦታ 2610.60 ነው። ልዩነቱ 1.90 ሜትር። መሐንዲሱና እኔ የቆምንበት ክፍት ቦታ ይህ ነው።

ስህተቱ ኮንቱሩ ላይ ምልክት ይተዋል። ቦይ ወይም ወንዝ ላይ የሚያልፍ ኮንቱር ጫፉን ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አሹሎ መታጠፍ አለበት። በእኔ ፕላን ላይ ግን በየወለሉ ነጥብ ዙሪያ የተዘጉ ክቦች ነበሩ፣ እንደ ተደረደሩ ሳህኖች። በዳገት ላይ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ውስጥ ተከታታይ ጉድጓዶች ካያችሁ፣ መሬቱን ሳይሆን የነጥቦቹን አያያዝ ጠርጥሩ።

መፍትሔው ብሬክላይን ነው። የወለሉን ነጥቦች በ`3DPOLY` ከላይ ወደ ታች እያያያዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሁለቱን ዳሮችም ለየብቻ እንዲሁ። ከዚያ ሲቪል 3ዲ ላይ ከሰርፌሱ `Definition` ሥር `Breaklines` ውስጥ ትጨምሯቸዋላችሁ። `PLINE` አትጠቀሙ፤ እሱ ጠፍጣፋ ነው፣ ጫፎቹ ሁሉ አንድ ከፍታ ይይዛሉ። ብሬክላይን ሲገባ የትኛውም ሦስት ማዕዘን ያንን መስመር ማቋረጥ አይችልም። እኔ ከዚያ ወዲህ ኮንቱሩን ከማየቴ በፊት ሦስት ማዕዘኖቹን አበራለሁ። ከዳር ወደ ዳር የዘለለ መስመር ካለ እዚያው ይታያል። በግቢው ጠርዝ ላይ ያልለካነውን መሬት የሚሸፍኑ ረጃጅም ሦስት ማዕዘኖችንም ያኔውኑ በወሰን መስመር እቆርጣቸዋለሁ።

የድጋፍ ግንብም ብሬክላይን ይፈልጋል፣ ግን ሁለት፦ አንዱ በግንቡ አናት፣ አንዱ በግርጌው። ሁለቱን ልክ አንዱ በአንዱ ላይ አታስቀምጧቸው። ሰርፌሱ በአንድ ቦታ ሁለት ከፍታ መያዝ ስለማይችል የግርጌውን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርጉት።

ብሬክላይን ግን ያልተለካ ነገር አይፈጥርም። ቦዩ በታጠፈበት ሁሉ ወለሉንና ሁለቱን ዳሮች ለኩ። ፕሪዝም ያዡ እሾህና ጭቃ ውስጥ መውረድ ላይፈልግ ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ ሥራው ከባድ ነው። አብራችሁት ውረዱ። ከቦዩ ውስጥ ፕሪዝሙ እንዲታይ ዘንጉን ከ1.50 ወደ 2.50 ሲያስረዝመው ደግሞ መሣሪያው ላይ ቁጥሩን ቀይሩ። ከረሳችሁት ያ ነጥብ ከእውነተኛው በአንድ ሜትር ከፍ ብሎ ይመዘገባል። ቢሮ ስትገቡ የወለሉን ነጥቦች ከላይ ወደ ታች ደርድራችሁ ከፍታቸውን ብቻ አንብቡ። መቀነስ አለበት። አንዱ ቦታ ላይ ድንገት ከጨመረ ወይ ዘንጉ ነው፣ ወይ በእርግጥ የተደፈነ ቦታ አለ፤ ሄዳችሁ እዩ።

በመጨረሻ፣ ሜዳ ላይ ሳላችሁ አሥር ያህል ትርፍ ነጥቦች ለክታችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ ሰርፌሱ ውስጥ አታስገቧቸው። ሁለት ሦስቱ ቦዩ ውስጥ ይሁኑ። ኮንቱሩ ሲያልቅ እነዚያ ቦታዎች ላይ ፕላኑ ስንት እንደሚል አንብባችሁ ከለካችሁት ጋር አወዳድሩ። የቆየው ልማድ ከአሥሩ ዘጠኙ ከኮንቱሩ ልዩነት በግማሽ ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል። በ0.50 ሜትር ኮንቱር 25 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ያንን የሽሮ ሜዳ ፕላን ብሬክላይን አስገብቼ እንደገና ስሠራው የለካኋቸው ስምንቱ በዚህ ውስጥ ገቡ፤ ሁለቱ አልገቡም። ሁለቱም ቦዩ በታጠፈበት አንድ ቦታ ነበሩ። በማግሥቱ ተመልሼ እዚያ አምስት ነጥብ ጨመርኩ።