ውል ስታድሺ ጥገናውን ከአዲሱ ዋጋ ጋር እሰሪው

«የቢሮ ውላችን ሊያልቅ ሁለት ወር ቀረው። አከራያችን ዋጋ ጨምረው ፈርሙ እያሉን ነው። ኮርኒሱ ግን እስከዛሬ ያፈሳል። ደብዳቤውን እንዴት ልጻፈው?»

እህቴ፣ እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ደብዳቤ «ጥገና ባለመደረጉ ተቸግረናል» የሚል ብቻ ነበር። «እናያለን» ተባልኩ፤ አራት ወር አለፈ። ከላይ ካለው መጸዳጃ ቤት የሚወርደው ውሃ የፋይል መደርደሪያችን ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ባልዲ አስቀምጠን ነበር የምንሠራው።

ሁለተኛውን የጻፍኩት ውሉ ሊያልቅ ሲል ነው። ያኔ ጥገናውንና ዋጋውን አንድ ላይ አሰርኳቸው። ቢሮው 48 ካሬ ነው። በካሬ 600 ብር፣ በወር 28,800 እንከፍል ነበር። አከራዩ 780 ጠየቁ፤ 37,440 ማለት ነው። እኔ 660 አቀረብኩ፣ ማለትም 31,680። ከዚያ ይህን ጻፍኩ፦

«አዲሱ ኪራይ የሚጀምረው የ4ኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ተጠግኖ፣ የቢሯችን ኮርኒስ ተቀይሮ፣ ሁለታችንም ሥራው መጠናቀቁን ከፈረምንበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር ነው። እስከዚያ በነባሩ ዋጋ እንከፍላለን።»

የሠራው ይህ አንቀጽ ነው። አከራዩ ጭማሪውን ስለፈለጉት ጥገናው የራሳቸው ጉዳይ ሆነ። በመጨረሻ በ690 ተስማማን፤ አንቀጹም አዲሱ ውል ውስጥ ገባ። ደብዳቤው ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ስትጽፊ «ብዙ ነገር ተበላሽቷል» አትበይ። የቱ ክፍል፣ ምኑ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጥቀሺ፤ ቀን ያለበት ፎቶም አያይዢ። ኮርኒሱን ብቻ እንዳትጠይቂ አደራ። ቧንቧው ሳይጠገን ኮርኒስ ቢቀየር በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይቢጫል፤ እኛ ጋ አንዴ እንደዚያ ሆኗል። የምታቀርቢው ዋጋ ቫትን ይጨምር አይጨምር በግልጽ ጻፊ። 15 በመቶ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። አንዱን ስጪ፤ ሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስም፣ ፊርማና ቀን ይኑርበት። ለጥበቃ ሰጥተሽ እንዳትመለሺ። ውልሽ ላይ እድሳት ከስንት ቀን በፊት በጽሑፍ ይጠየቅ እንደሚል ዛሬውኑ አንብቢ። ቀኑ ካለፈብሽ የመደራደር አቅምሽ በጣም ይቀንሳል።

እዚህ ግሩፕ ላይ አንዳንዶች በ2016 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1320 ጥቀሺ ሲሉ አይቻለሁ። እሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት ነው፤ ለቢሮ አይሠራም። ብትጠቅሺው አከራዩ ያንን ስህተት ይዘው ሌላውን ጥያቄሽን ያጣጥሉብሻል።

ኪራይ ማቆምን ደግሞ አትሞክሪው። ባለዕዳ ሆነሽ ከተገኘሽ ወሬው ሁሉ ስላልከፈልሽው ብር ይሆናል፤ ኮርኒሱ ይረሳል። ራስሽ አስጠግነሽ ከኪራይ መቀነስ ከፈለግሽም ቀድመሽ ዋጋውን በፕሮፎርማ አሳይተሽ የአከራዩን ፈቃድ በፊርማ ያዢ።