ጥያቄና መልስ፦ አዘጋጆች እንግዳ የሚመርጡት እንዴት ነው?

ለብዙ ዓመታት የሬዲዮ ውይይት አዘጋጅ ነበርኩ፤ እንግዳ መፈለግ የየዕለት ሥራዬ ነበር። ጠይቁኝ።

የጥርስ ሐኪሟ፦ ለሦስት ፖድካስቶች የሥራ ታሪኬን ላክሁ፤ አንዳቸውም አልመለሱልኝም። ምን አጥፍቼ ነው?

የላክሽው ስለ ራስሽ ነው፤ አዘጋጁ የሚጨነቀው ደግሞ ለሚቀጥለው ዝግጅቱ ነው። መጀመሪያ አንድ ክፍል እስከ መጨረሻው ስሚና ምን እንደጎደለው ፈልጊ። ከዚያ እንዲህ ጻፊ፦ «ስለ ልጆች ጥርስ የሠራችሁትን ሰማሁ። የወተት ጥርስ መበስበስ አልተነሳም። ብዙ ወላጆች ‹ይወድቃል› ብለው ይተዉታል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መቅረብ እችላለሁ።» ሁለት ደቂቃ የምትናገሪበት ድምፅም አያይዢ፤ ማይክ ፊት ቃል የሚጠፋው እንግዳ የአዘጋጅ ትልቁ ስጋት ነው። ከሳምንት በኋላ አንዴ ብቻ አስታውሺ። ዝም ካሉ ተዪው።

አንድ መምህር፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ዋናው ትውውቅ ነው።

ግማሹ እውነት ነው፤ ትውውቁ የሚጀመርበት መንገድ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን እንግዳዬ ሥርጭቱ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ቀረብኝ። ርዕሱ ግድብ ስለነበር አንዲት የውሃ መሐንዲስ ጋ ደወልኩ። «እኔ የቧንቧ እንጂ የግድብ ሰው አይደለሁም» አለችኝና የሚያውቅ ባልደረባዋን አስፈቅዳ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስልኩን ላከችልኝ። ያን ቀን እሷ አልቀረበችም። ከዚያ ወዲህ ግን የውሃ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የምደውለው ለእሷ ሆነ፤ የማታውቀውን አላውቅም ስለምትል የምታውቀውን አምናታለሁ። ጋዜጠኛ ሲደውል «አልችልም» ማለት እንኳ ዋጋ አለው፤ ቶሎ ከተባለ። በማግሥቱ የሚመጣ ግሩም መልስ ግን ዜናው ከወጣ በኋላ ነው የሚደርሰው።

የሒሳብ ባለሙያው፦ እኔ ጋ እንኳ መጋበዙ አልቸገረም። አንዱ ጋዜጠኛ ግን ቃሌን አዛብቶ ጻፈው። ከመታተሙ በፊት አሳየኝ ማለት ነውር ነው?

ሙሉ ጽሑፉን አሳየኝ ካልክ አብዛኞቹ እምቢ ይሉሃል፤ ደግመው ለመደወልም ያመነታሉ። «ቁጥሮቹንና የእኔን ጥቅስ አንብብልኝ፣ ላረጋግጥልህ» ብትል ግን ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። ተዛብቶ ከወጣ ደግሞ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገርና ትክክለኛውን ጎን ለጎን አድርገህ መጀመሪያ ለጋዜጠኛው ለራሱ ላክለት። እንዳይጻፍ የምትፈልገው ነገር ካለም ከመናገርህ በፊት ተስማሙ። ካወራህ በኋላ «ይሄን አትጻፈው» ብትል አይገደድም።

የጥርስ ሐኪሟ፦ ጉባኤ ላይ ለመናገርስ?

ፕሮግራሙ ከወጣ በኋላ አትጠይቂ፤ ተናጋሪ የሚመረጠው ከወራት በፊት ነው። ዘንድሮ ታዳሚ ሆነሽ ሂጂና አዘጋጆቹን ተዋወቂ።

መምህሩ፦ ክፍያስ? በነፃ የተናገረ ሁልጊዜ በነፃ ነው የሚጠራው።

ለዜና ቃለ ምልልስ ክፍያ አይጠየቅም። ጉባኤ ላይ ግን አንተ የምትለውን የሚሉ ጥሩ ተናጋሪዎች አውቃለሁ፤ በነፃ ጀምረው ኋላ የሚከፈላቸውም አሉ። እኔ ቢያንስ የጉዞ ወጪውን ከመጀመሪያው ጠይቅ እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን እዚህ ያሉ ተናጋሪዎች ቢነግሩን ይሻላል።